“ዓሳ አይስማማኝም” ከማለታችሁ በፊት፦ ትኩስ ዓሳን መለየት፣ በበረዶ ማቆየት እና የሂስታሚን መመረዝ



የጾም ወራት በመጡ ቁጥር አዳማ ውስጥ የዓሳ ገበያ ይደራል። በጾም ዓሳ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ግን ከቆቃና ከዝዋይ (ባቱ) የሚመጣው ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ በእነዚህ ሳምንታት በየምግብ ቤቱ ይበዛል። የታሸገ ቱናም በየሱፐርማርኬቱና በየሱቁ ተፈላጊ ይሆናል። ችግሩ ሁዳዴ የሚውለው አካባቢያችን በጣም በሚሞቅበት ወቅት መሆኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ዓሳ ያለ በረዶ ብዙ ሰዓት አይቆይም።

በዚህ ወቅት ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ፦ “ዶክተር፣ ዓሳ በላሁና ፊቴ ቀላ፣ ራሴን አመመኝ፣ ሰውነቴን አሳከከኝ። አለርጂ ሳይኖርብኝ አይቀርም።” አንዳንዱ በእርግጥም አለርጂ ነው። ሌላው ግን ሰውየው ላይ ምንም ችግር የለም፤ ችግሩ ያለው ዓሳው ላይ ነው። ይህ የሂስታሚን መመረዝ ይባላል። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንዱ ዕድሜ ልክ ዓሳ እንዳትበሉ ያደርጋችኋል፣ ሌላው ደግሞ የዛሬው ዓሳ የተያዘበት መንገድ ልክ አልነበረም ማለት ብቻ ነው። በተለይ የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ያለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

1. ዓሳ ከሥጋ ቀድሞ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

የዓሳ ሥጋ ለስላሳና ውሃ የበዛበት ነው። ዓሳው በሕይወት ሳለ ቆዳው፣ መተንፈሻውና አንጀቱ ላይ ብዙ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ወደ ሥጋው ግን አይገባም። ዓሳው ሲሞት መከላከያው ይቆማል፣ ባክቴሪያውም ወደ ሥጋው መግባት ይጀምራል። ይህ ጉዞ በሙቀት ይፈጥናል፣ በቅዝቃዜ ይዘገያል።

በዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ያለን ዓሳ እንደ መነሻ እንውሰድ። ያው ዓሳ 5 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ይበላሻል። 10 ዲግሪ ላይ ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። 30 ዲግሪ ላይ ጉዳዩ የቀናት መሆኑ ቀርቶ የሰዓታት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በእኛ ሐይቆች በብዛት የሚጠመደው በመረብ ነው። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይወጣል። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ መረብ ውስጥ የገባ ዓሳ ጠዋት 12 ሰዓት ሲወጣ ከሞተ ሰዓታት አልፈውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው” ማለት ሁልጊዜ “ዛሬ ጠዋት የሞተ ነው” ማለት አይደለም። ሻጩ አልዋሸም፤ እናንተ ግን ዓሳውን ራሱን ማየት አለባችሁ።

2. ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ከተቻለ ሙሉውን፣ ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ ዓሳ ግዙና ፊታችሁ ይሰራላችሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የዓሳው “መታወቂያ” ያለው ጭንቅላቱና ሆዱ ላይ ነው። ፊሌቶ ከሆነ በኋላ ከምልክቶቹ አብዛኞቹ አብረው ይጣላሉ።

መጀመሪያ መተንፈሻውን (ስንጥቡን) እዩ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በጣታችሁ ግለጡት። ትኩስ ዓሳ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው፤ ያለው ልጋግም እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ከተለወጠ፣ ልጋጉ ወፍራምና የደፈረሰ ከሆነ ዓሳው ቆይቷል። እኔ አንድ ምልክት ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ክዳኑን እንድትገልጡ የማይፈቅድ ወይም መተንፈሻውን አስቀድሞ አውጥቶ የጣለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌሎቹን ምልክቶች ይበልጥ በጥንቃቄ እዩ።

ቀጥሎ ዓይኑን እዩ። የትኩስ ዓሳ ዓይን ወጣ ያለ፣ ጥቁሩ የጠራ ነው። ሲቆይ ይሰረጉዳል፣ መሃሉም ይደበዝዛል። ነገር ግን በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ በረዶ በቀጥታ የነካው ዓይን ዓሳው ደህና ሆኖ እያለም ሊደበዝዝ ይችላል።

ከዚያ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ሥጋው ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው። የጣታችሁ ጉድጓድ እንዳለ ከቀረ አይሆንም። ዓሳው እንደ ዱላ ድርቅ ያለ ከሆነ አትደንግጡ፤ ከሞተ ብዙ ሳይቆይ የሚመጣ መድረቅ ስለሆነ የትኩስነት ምልክት ነው።

ሆዱንም እዩ። የዓሳ መበላሸት ከአንጀት ይጀምራል። ሆዱ የተነፋ፣ የላላ ወይም የተቀደደ ከሆነ ተዉት። ሲሰነጠቅ የጎድን አጥንቶቹ ከሥጋው በራሳቸው እየተላቀቁ ከወጡም ያው ነው።

በመጨረሻ አሽትቱት። የሐይቅ ዓሳ የሐይቅ ውሃ ወይም የእርጥብ ሣር ዓይነት ሽታ አለው። አንዳንዴ፣ በተለይ አምባዛና ካርፕ፣ ጭቃ ጭቃ ይላል። ይህ የውሃው ሽታ እንጂ የብልሽት አይደለም። የብልሽት ሽታ የሚኮመጥጥ፣ የሚሰነፍጥ ወይም አፍንጫ የሚወጋ ነው። ሎሚ ወይም ቅመም ያልነካው ዓሳ ይህን የሚሸት ከሆነ በዋጋ ቅናሽ እንኳን አትውሰዱ።

የግድ ፊሌቶ የምትገዙ ከሆነ ሥጋው የሚያብረቀርቅና ብርሃን በትንሹ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ጫፉ ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ፣ ሥጋው እየተሰነጠቀ የሚፈርስ፣ ፌስታሉ ስር የደፈረሰ ውሃ የተጠራቀመበት አይሁን።

ለሻጩም ጥያቄውን ቀይሩት። “ትኩስ ነው?” ብትሉት መልሱ ምን ጊዜም “አዎ” ነው። “ከየት መጣ? መቼ ወጣ? በበረዶ ነው የመጣው?” በሉት። ደንበኛ ከሆናችሁ ቀስ በቀስ እውነቱን ይነግራችኋል።

3. በረዶ፦ ስንት እና እንዴት?

ከባቱ ሐይቅ ዳር 3 ኪሎ ዓሳ ገዝታችሁ በመቂና በሞጆ አድርጋችሁ ወደ አዳማ ትመለሳላችሁ እንበል። መንገዱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሃል ላይ ምሳ ስትበሉና ሻይ ስትጠጡ ሦስት ሰዓት ያልፋል። በፌስታል ተቋጥሮ መኪና ኮፈን ውስጥ የተቀመጠ ዓሳ ለእነዚህ ሦስት ሰዓታት ከውጭው አየር በባሰ ሙቀት ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ያን ያህል ተጠንቅቃችሁ የመረጣችሁት ዓሳ ቤት ሲደርስ ሌላ ዓሳ ሆኗል።

በእኛ ሙቀት ደንቡ እንዲህ ነው፦ ለ1 ኪሎ ዓሳ 1 ኪሎ በረዶ። ዓሳውን ከ28 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ብቻ ለአንድ ኪሎ ዓሳ ወደ 300 ግራም በረዶ ይቀልጣል። የቀረው 700 ግራም በመንገድ ላይ ከውጭ የሚገባውን ሙቀት ለመመከት ነው። ስለዚህ ለ3 ኪሎ ዓሳ አንድ ጥቅል ትንንሽ በረዶ ከላይ ጣል ማድረግ ማስመሰል ነው።

በረዶ የሚሸጥ ካላገኛችሁ ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በንጹህ ውሃ ሙሉ (ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ አንገቱ ጋ ትንሽ ክፍተት ተዉ)፣ ፍሪዘር ውስጥ ይደር። ሲነጋ ፕላስቲኩን ቀዳችሁ በረዶውን ንጹህ ጨርቅ ውስጥ በመዶሻ ሰባብሩት። የተሰባበረ በረዶ ይሻላል፤ ዓሳውን በሁሉም በኩል ይነካዋል። ትልቅ ድፍን በረዶ ግን የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ዓሳውንም ይጨፈልቀዋል።

አቀማመጡ እንደ ንብርብር ነው፦ ከታች በረዶ፣ ከዚያ ዓሳ፣ እንደገና በረዶ፣ ከላይም በረዶ። ሆዱ የተሰነጠቀ ከሆነ ሆዱ ውስጥም ጨምሩ። የሆድ ዕቃው ቀድሞ ከወጣና በንጹህ ውሃ ከታጠበ በጣም ይሻላል። ፊሌቶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹህ ፌስታል አሽጉት፤ አለበለዚያ የሚቀልጠው ውሃ ጣዕሙን ያጥበዋል። አይስ ቦክስ ከሌላችሁ ክዳን ያለው የፎም ሳጥን ይበቃል። የቀለጠው ውሃ ግን መውጫ ይኑረው፤ ዓሳው በደም በተበከለ ውሃ ውስጥ መዋኘት የለበትም።

ቤት ስትደርሱስ? ብዙዎቻችን ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። የቤት ፍሪጅ ግን በደንብ ሲሰራ 4 ዲግሪ፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ከላይ እንዳልኩት 5 ዲግሪ ላይ ዓሳ ከበረዶ ይልቅ በእጥፍ ፍጥነት ይበላሻል። ስለዚህ ዓሳውን በሳህን ላይ በረዶ አድርጋችሁ ከታችኛው መደርደሪያ አስቀምጡትና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ብሉት። ከዚያ በላይ ለማቆየት ካሰባችሁ በመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ ሦስተኛው ቀን ላይ “እንዳይበላሽ” ብሎ ፍሪዘር ማስገባት የተጀመረውን ብልሽት አስሮ ማስቀመጥ ነው።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከሱፐርማርኬት የምትገዙት የረጋ ዓሳ ፌስታሉ ውስጥ ብዙ የበረዶ ብናኝ ካለው፣ ስሩ ላይ የረጋ ፈሳሽ ካለ ወይም ቅርጹ ተጣሞ ከረጋ ቀልጦ እንደገና የረጋ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምረጡ።

4. የሂስታሚን መመረዝ ምንድን ነው?

ሂስታሚን የሚለውን ቃል ከአለርጂ ጋር አያይዛችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነቱ ራሱ ሂስታሚን ይለቃል፤ ያ ነው ሽፍታውን፣ ማሳከኩንና እብጠቱን የሚያመጣው። የሂስታሚን መመረዝ ላይ ግን ሂስታሚኑ የሚመጣው ከውጭ፣ ከሳህኑ ነው።

እንዴት? እንደ ቱና፣ ማኬሬልና ሰርዲን ያሉ የባህር ዓሳዎች ሥጋ ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ራሱ ጉዳት የለውም። ዓሳው ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች በኢንዛይማቸው ሂስቲዲኑን ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል። የእኛ ቆሮሶና ሌላው የሐይቅ ዓሳ ሂስቲዲኑ እንደ ቱና ስላልበዛ በዚህ መንገድ የመመረዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። የተበላሸ የሐይቅ ዓሳ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ከሰዓታት በኋላ የሚጀምር ማስመለስና ተቅማጥ ነው። ስለዚህ ከተማችን ውስጥ የሂስታሚን መመረዝ ስጠረጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ባህር ዓሳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተከፍቶ ስለቆየ የቱና ቆርቆሮ ነው።

ስለ ሂስታሚን ልብ ልትሉት የሚገባ ዋና ነገር ይኸው፦ አንዴ ከተፈጠረ አይጠፋም። መቀቀልና መጥበስ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ሂስታሚኑን ግን አይነካውም። ፍሪዘር አያጠፋውም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ በርበሬ አያጠፋውም። ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮው የሚታሸግበት ከፍተኛ ሙቀት እንኳን አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች የታመሙት ከፋብሪካ በወጣ የታሸገ ቱና ነበር፤ ዓሳው ከመታሸጉ በፊት ሂስታሚን ይዞ ነበር።

በተጨማሪም አይታይም፣ ብዙ ጊዜ አይሸትም። አንዳንድ ሰዎች አፋቸውን እንደ ቃሪያ የማቃጠል ስሜት ይሰማቸዋል። ግን ቱናው በሚጥሚጣና በቃሪያ ተለውሶ ከቀረበ ማን ይለየዋል? ስለዚህ በክፍል 2 ያልኳችሁ ምልክቶች ብልሽትን ለመለየት ይረዳሉ፤ ከሂስታሚን የሚያድናችሁ ግን ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

5. አንድ ታሪክ እንመልከት

ከማያቸው ታካሚዎች አንዱን ታሪክ ላካፍላችሁ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። አራት የሥራ ባልደረቦች በጾም ምሳ ሰዓት ከአንድ ቁርስ ቤት ሳንድዊች አዘዙ። ሦስቱ የቱና፣ አራተኛዋ የአትክልት። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቱና የበሉት ሦስቱም ፊታቸውና አንገታቸው ቀላ፣ የሚመታ ራስ ምታት ጀመራቸው፣ ልባቸው ፈጠነ። አንዱን አስመለሰው። አትክልት የበላችው ምንም አልሆነችም።

ሁለቱ “አለርጂ ነው” ብለው መጡ። እኔ ግን ሦስት ነገሮችን አየሁ። አንደኛ፣ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ምግብ የዓሳ አለርጂ አይጀምራቸውም። ሁለተኛ፣ ሦስቱም ከዚህ በፊት ቱና ደጋግመው በልተው ምንም አልሆኑም። ሦስተኛ፣ ጊዜው፦ የተለመደው ባክቴሪያ የሚያመጣው የምግብ መመረዝ በአብዛኛው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሂስታሚን ግን ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል።

ከዚያ ቱናው እንዴት እንደተቀመጠ ተጠየቀ። ትልቅ ቆርቆሮ ነው፤ የተከፈተው በቀደመው ቀን ጠዋት። ግማሹ ተረፈ፣ ክዳኑን ገጥመው ጠረጴዛ ላይ ዋለ፤ ማታ ፍሪጅ ሲገባ መብራት አልነበረም። ቆርቆሮው ሲታሸግ ንጹህ ቢሆንም ከተከፈተ በኋላ ከማንኪያ፣ ከእጅና ከቢላ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ከዚያ በኋላ ያገኘው አንድ ሙሉ ቀን ሙቀት ነው።

መጠኑን እናስላ። ጤናማ ሰው በአንድ ምግብ እስከ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ሂስታሚን ቢወስድ ችግር አይጠበቅም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለዓሳ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ነው፤ ሩብ ኪሎ ብትበሉ ልክ 50 ይመጣል። በሙቀት የቆየ ቱና ላይ ግን መጠኑ በኪሎ ከ1000 ሚሊ ግራም ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ካለው ቱና ሳንድዊች ውስጥ 100 ግራም ብቻ ቢኖር 100 ሚሊ ግራም ሂስታሚን ሆነ ማለት ነው። የገደቡ እጥፍ፣ በአንድ ሳንድዊች!

ሁለቱ የፀረ ሂስታሚን እንክብል ወስደው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሻላቸው። ሦስተኛው ግን የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ሊወድቅ ሲል ደግፈው ነው ያመጡት። በደም ስር ፈሳሽና መድኃኒት ተሰጥቶት እስከ ማታ ተኝቶ ቆየ። የበላው ከጓደኞቹ እኩል ነው። ታዲያ ለምን እሱ ብቻ?

6. የቲቢ መድኃኒት እና ዓሳ

ሦስተኛው ሰው የቲቢ ሕክምና ላይ ነበር፤ ሁለተኛ ወሩ። ለጓደኞቹ አልነገራቸውም።

አንጀታችንና ጉበታችን ከምግብ የሚመጣን ሂስታሚን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሏቸው። ጤናማ ሰው ትንሽ ሂስታሚን በልቶ ምንም የማይሆነው ለዚህ ነው። አይሶኒያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ግን እነዚህን ኢንዛይሞች ያዳክማል። ስለዚህ ለጓደኛው ራስ ምታት ብቻ ያመጣው መጠን የእሱን ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስሪ ላንካ ውስጥ አይሶኒያዚድ የሚወስዱ የቲቢ ታካሚዎች ቱና ከበሉ በኋላ እንዲህ መታመማቸው በሕክምና መጽሔት ላይ ተመዝግቧል።

በአገራችን ይህ ለብዙ ሰው ይመለከታል። አይሶኒያዚድ በተለመደው የስድስት ወር የቲቢ ሕክምና ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር በአንድ እንክብል ተዋህዶ ስለሚሰጥ ታካሚው ስሙን ላያውቀው ይችላል። ቲቢ ሳይዛቸው ለመከላከያ የሚወስዱትም አሉ፤ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችንና የቲቢ ታማሚ ቤት ውስጥ ያላቸው ሰዎች ይገኙበታል።

እባካችሁ ይህን በደንብ ያዙልኝ፦ መድኃኒቱን አታቋርጡ። የሚቀረው ዓሳው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ቱና፣ ሰርዲንና ማኬሬል ተዉ። ትኩስነቱን ራሳችሁ ያያችሁትን የሐይቅ ዓሳ ወዲያው ሰርቶ መብላት ከእነዚህ የተሻለ ምርጫ ነው። ከዓሳ በኋላ ፊታችሁ ከቀላ ወይም ልባችሁ ከፈጠነ ለቲቢ ክፍል ባለሙያው ንገሩት፤ የመድኃኒቱ አለርጂ ነው ተብሎ በስህተት እንዳይመዘገብባችሁ።

አልኮልም እነዚሁኑ ኢንዛይሞች ስለሚያውክ ከቱና ጋር ቢራ መደራረብ ነገሩን ያባብሰዋል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁም ከሌላው ሰው የበለጠ ልትጎዱ ስለምትችሉ ተጠንቀቁ።

7. ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

መብላቱን ወዲያው አቁሙ። ምልክቱ መቅላት፣ ራስ ምታት፣ ማሳከክና ቀላል የሆድ ቁርጠት ብቻ ከሆነ ለአዋቂ ሰው ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም አንድ እንክብል ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም አንድ እንክብል ይረዳል። ሴትሪዚን ሊያስተኛ ስለሚችል ከዚያ በኋላ መኪና ወይም ባጃጅ አትንዱ። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡ። መድኃኒት ባይወሰድም አብዛኛው ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ይሻለዋል። ወተት ወይም ነጭ ሽንኩርት ሂስታሚኑን አያወጣውም፤ እጅ ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስመለስም አይመከርም።

የሚከተሉት ካሉ ግን ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦

👉 ምላስ ወይም ከንፈር ማበጥ፣ ድምፅ መዘጋት
👉 የትንፋሽ ማጠር ወይም ደረት ላይ ሲር ሲር ማለት
👉 ራስን መሳት ወይም ሲነሱ መውደቅ
👉 የደረት ሕመም

እነዚህ ምልክቶች ባሉበት “አለርጂ ነው ወይስ ሂስታሚን?” ብሎ ቤት ውስጥ መከራከር አያስፈልግም። ሐኪሙም አስቀድሞ እንደ ከባድ አለርጂ አድርጎ ነው የሚያክመው፤ መለየቱ ኋላ ይደርሳል።

የተረፈውን ዓሳ አትጣሉት። በፌስታል አስራችሁ “አይበላም” ብላችሁ ጻፉበትና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ ምርመራ ካስፈለገ ማስረጃው እሱ ነው። አብረዋችሁ የበሉትን ደውላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ከታመሙ መልሱ ግማሽ ተገኝቷል። እናንተ ብቻ ታማችሁ ሌላው ደህና ከሆነ፣ በተለይም ትኩስ ዓሳ በበላችሁ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ፣ እውነተኛ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሳትመረመሩ ዓሳ አትድገሙ።

ቤት ውስጥ ስለ ቱና ቆርቆሮ

የሚበላውን ያህል መጠን ያለው ትንሽ ቆርቆሮ ግዙ። ከከፈታችሁ በኋላ የተረፈውን ወዲያው ክዳን ወዳለው ንጹህ ዕቃ ገልብጡና ፍሪጅ አስገቡ፤ በማግስቱ ጨርሱት። ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን፣ እንደ አዳማ ሁዳዴ ባለ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየውን ጣሉት። “አሙቄ እበላዋለሁ” አይሰራም፤ ለምን እንደማይሰራ አሁን ታውቃላችሁ። ውጭ ስትበሉም “ቱናው መቼ ነው የተከፈተው?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ ካላረጋጋችሁ ሽሮ አለ።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ወዳጅ ወይም ቁርስ ቤት ያለው ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ። ደህና ሁኑ።